ማድያትና ብጉር በእርግዝና፦ የትኛው ቅባት ይቆይ፣ የትኛው ይቅር፣ በምን ይተካ

በእርግዝና ጊዜ ፊት ላይ ከሚታዩ ለውጦች ብዙ ሴቶችን ወደ ቅባት የሚመሩት ሁለት ናቸው፤ ማድያትና ብጉር። አስቸጋሪው ነገር ለእነዚህ ሁለቱ በስፋት የሚታወቁት ጠንካራ መድኃኒቶች፣ ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆነው ሬቲኖይድና ማድያትን የሚያደበዝዘው ሃይድሮኪኖን፣ ነፍሰ ጡር እንድትተዋቸው ከሚመከሩት ዋነኞቹ መሆናቸው ነው። ከታች እነዚህን ከሚተኳቸው ጋር ጎን ለጎን እያስቀመጥን እናያለን። ምርጫው ሲጠብ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በትክክል ከተቀቡ ይሠራሉ።

ቅባት የሚያስፈልገው የትኛው ለውጥ ነው?

በእርግዝና ኤስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮንና ቀለም አነቃቂው ሆርሞን ይጨምራሉ። እነዚህ ቆዳ ውስጥ ሜላኒን የሚሠሩትን ሴሎች ያነሳሳሉ። ከእምብርት ወደ ታች የሚወርደው ጥቁር መስመርም፣ የጡት ጫፍ ዙሪያ መጥቆሩም፣ የብብት መጥቆሩም ከዚሁ ይመጣሉ። ለእነዚህ ምንም አትቀቢ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በራሳቸው እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ማሸትና መፋቅ ግን ቆዳውን ያስቆጣና ይበልጥ ያጠቁረዋል። ሸንተረርን በእርግጠኝነት የሚከላከል ቅባትም የለም። ማለስለሻ ክሬም ድርቀትንና ማሳከክን ይቀንሳል፣ ከዚያ የበለጠ አትጠብቂበት።

ማድያትም ሥሩ ያው ሆርሞን ነው፤ ነገር ግን ከሌሎቹ የሚለየው ብርሃን ስለሚመግበው ነው። ሆርሞኑ ሴሎቹን ያዘጋጃል፣ ብርሃን ደግሞ ያሠራቸዋል። ሆርሞኑን ማቆም ባትችዪም ብርሃኑን መከልከል ትችያለሽ። ማድያት መሆኑን የምታውቂው በጉንጭ፣ በግንባርና በላይኛው ከንፈር ላይ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ሆኖ ሲወጣ፣ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ሳያሳክክና ሳይቀረፍ ሲቀር ነው። የሚያሳክክ፣ የሚፈረፈር ወይም በአንድ ወገን ብቻ እያደገ የሚሄድ ጥቁር ነገር ከሆነ ማድያት ነው ብለሽ ከመገመትሽ በፊት ለሐኪም አሳዪው።

ብጉሩ ደግሞ የወዝ ዕጢዎች ሥራ ሲበዛባቸው ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን አገጭና መንጋጋ ላይ ይበዛል።

መመዘኛው

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል እዚህ አይረዳም። ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ዓይነት ነው፣ ሜርኩሪም ከምድር የሚወጣ ነው። አንድን ቅባት በሦስት ጥያቄ መዝኚው። ከተቀባው ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ደም ይገባል? ቆዳ ላይ ምን ያህል ስፋት ይዞ፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? እስከ ወሊድ ቢዘገይ የሚጎዳ ነገር አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ለማድያት ግን ወሳኙ እሱ ነው። ማድያት መልክን እንጂ ጤናን አይጎዳም፤ ስለዚህ ለእሱ ሲባል የሚወሰድ አደጋ ትንሽም ቢሆን ትልቅ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ሬቲኖይድ ወይስ አዜላይክ አሲድ?

ሬቲኖይድ እንዲቀር የሚመከረው በሚዋጠው ዓይነት ምክንያት ነው። ኢሶትሬቲኖይን የሚባለው የብጉር እንክብል በአሜሪካ በ1982 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ ሲሆን፣ በእርግዝና ከተወሰደ በጽንሱ ጆሮ፣ ፊት፣ ልብና አንጎል ላይ ከባድ ጉድለት እንደሚያመጣ በማያጠራጥር መልኩ ይታወቃል። ማርገዝ የምታስብ ሴት ይህን እንክብል ካቆመች በኋላ ቢያንስ አንድ ወር መቆየት አለባት። ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ ሕመም የሚሰጠው አሲትሬቲን ደግሞ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ሦስት ዓመት መጠበቅ ይጠይቃል።

ቆዳ ላይ የሚቀባው ሌላ ነገር ነው። ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ በቅባቱ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ግልጽ ጉዳት አላሳዩም። ይሁን እንጂ ጥናቶቹ «ጉዳት የለውም» ለማለት የሚበቁ አይደሉም፣ የሚተካው ደግሞ በእጅ አለ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2018 እ.ኤ.አ. የሚቀቡ ሬቲኖይድ መድኃኒቶችን ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት እንዳትጠቀም ወስኗል። በማሸጊያው ላይ ሬቲኖል፣ ሬቲናል፣ ሬቲኒል ፓልሚቴት፣ ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን ወይም ታዛሮቲን የሚል ካገኘሽ አስቀምጪው። ፀረ-መሸብሸብ የሚባሉ የማታ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ስለሚገኝ፣ የፊት ጽሑፉን ሳይሆን ከኋላ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የግብዓት ዝርዝር አንብቢ።

ማርገዝሽን ሳታውቂ ሬቲኖል ክሬም ስትቀቢ ከነበረ አቁሚውና በሚቀጥለው ክትትል ንገሪ፤ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አይደለም። ስትወስጂ የነበረው እንክብል ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሐኪም አግኚ።

ምትኩ አዜላይክ አሲድ ነው፤ በእኛ ግምት ለነፍሰ ጡር ከሁሉ የተሻለው ነጠላ ምርጫ ይኸው ነው። ምክንያቱም ብጉርንም ማድያትንም አንድ ላይ ይይዛል። ከተቀባው ወደ ሰውነት የሚገባው 4 በመቶ ያህል ነው፤ ንጥረ ነገሩ ደግሞ በስንዴ፣ በገብስና በአጃ ውስጥ ስለሚገኝ ለሰውነት እንግዳ አይደለም። 10 በመቶው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥበት ቦታ ብዙ ነው። 15 በመቶው ጄልና 20 በመቶው ክሬም አብዛኛውን ጊዜ በሐኪም ይታዘዛሉ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ፊትሽን በለስላሳ መታጠቢያ ታጥበሽ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቂ። የአተር ፍሬ የምታህል መጠን ለፊት በሙሉ ትበቃለች፤ ብጉሩ ላይ ብቻ አታንጠባጥቢ፣ ስስ አድርገሽ አዳርሺው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ማታ እየዘለልሽ፣ ከዚያ በየማታው፣ ቆዳሽ ከተቀበለው ጠዋትና ማታ። በጀመርሽ ሰሞን እንደተቀባሽ ትንሽ ያቃጥላል ወይም እንደ ጉንዳን ይነክሳል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠፋ የተለመደ ነው። ሲቆይ፣ ሲቀላና ሲቀረፍ ግን መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እርጥብ ፊት ላይ በመቀባት ነው፤ እርጥብ ቆዳ ይበልጥ ስለሚያስገባ ቃጠሎው ይብሳል። ሁለተኛው ስህተት በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መተው ነው። ለብጉር ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ለማድያት ደግሞ ከዚያም የሚረዝሙ ወራት ይፈልጋል።

ባኩቺዮል የሚባለው የዕፅዋት ውጤት «ለነፍሰ ጡር የሚሆን ሬቲኖል» እየተባለ ይሸጣል። ሬቲኖይድ አለመሆኑ እውነት ነው፤ በነፍሰ ጡሮች ላይ ግን በቂ ጥናት የለውም። አዜላይክ አሲድ እያለ እሱን የምንመርጥበት ምክንያት አይታየንም።

ሃይድሮኪኖንና ተተኪዎቹ

ሃይድሮኪኖን ማድያትን ለማደብዘዝ ከሚታወቁት ሁሉ ጠንካራው ነው። በእርግዝና የሚተወው ጽንስ ጎዳ ተብሎ ስለተረጋገጠ አይደለም፤ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ላይ ስለሚወድቅ ነው። ከተቀባው ከ35 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው ወደ ሰውነት ይገባል። ከአዜላይክ አሲዱ 4 በመቶ ጋር አስተያዪው። በዚያ ላይ ማድያቱን የሚነዳው ሆርሞን እስከ ወሊድ ስለማይቀንስ፣ ቅባቱ ያደበዘዘውን ሆርሞኑ ይመልሰዋል። ለረጅም ጊዜ ያለ ክትትል ከተቀቡት ደግሞ ኦክሮኖሲስ የሚባል፣ ለመመለስ እጅግ የሚያስቸግር ሰማያዊ ቅልቅል ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ወሊድና ጡት ማጥባት እስኪያልፉ ይቆየን።

በምትኩ ማታ አዜላይክ አሲድ፣ ጠዋት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቫይታሚን ሲ ወይም ከ4 እስከ 5 በመቶ ኒያሲናማይድ መጠቀም ይቻላል። ከሁለቱ የትኛውን? ቆዳሽ በቀላሉ የሚቆጣ ከሆነ ወይም ብጉር ካለብሽ ኒያሲናማይድ ይሻላል፤ አያቃጥልም፣ ከሌሎች ጋርም ይስማማል። ብጉር ከሌለብሽና ቆዳሽ ጠንካራ ከሆነ ቫይታሚን ሲ ጥሩ ነው፤ ግን ብርሃንና አየር ስለሚያበላሹት፣ ሴረሙ ወደ ጥቁር ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ከተለወጠ ጥቅሙ አልቋልና ጣዪው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል የማድያት እንክብል ቢነገርሽ ደግሞ በእርግዝና አትጀምሪው። መድኃኒቱ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርግ ነው፣ እርግዝና ደግሞ በራሱ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል።

የብጉር አሲዶች፦ መጠኑና ቦታው ይወስናል

ሳሊሲሊክ አሲድ ላይ የሚሰጠው ምክር ብዙ ሰው ያደናግራል፤ አንዱ ይከለክላል፣ ሌላው ይፈቅዳል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለተለያየ መጠን ነው። ንጥረ ነገሩ የአስፕሪን ዘመድ ስለሆነ ብዙ ከገባ ስጋት አለ፣ በተለይ በእርግዝናው መጨረሻ። ስለዚህ 20 ወይም 30 በመቶ የሆነው ቆዳን የሚልጥ ሕክምና፣ ሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ መቀባቱና በፕላስቲክ ተሸፍኖ እንዲቆይ ማድረጉ ይቀራሉ። ታጥበሽ የምታስወግጂው 2 በመቶ የፊት መታጠቢያ ግን ቆዳ ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ያህል ነውና እንደ አሳሳቢ አይታይም።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሌላው ምርጫ ነው። ወደ 5 በመቶ የሚሆነው ቢገባም ወደ ቤንዞይክ አሲድ ተለውጦ በሽንት በፍጥነት ይወጣል። በ2.5 በመቶ ጀምሪ፤ 10 በመቶው የሚጨምረው ማድረቅን ነው እንጂ ያን ያህል ጥቅም አይደለም። ፎጣና የትራስ ልብስ ቀለም ያነጣልና ነጭ ተጠቀሚ። የቆሰለና ያበጠ ብጉር ላይ ከአዜላይክ አሲድ ይፈጥናል፤ ማድያት ላይ ግን ምንም አይሠራም። ዝቅ ያለ መጠን ያላቸው ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድም የሚፈቀዱ ናቸው፤ ነገር ግን ከአዜላይክ አሲድ ጋር በአንድ ማታ አትደርቢያቸው። የተቆጣ ቆዳ፣ በተለይ ጠቆር ያለ ቆዳ፣ ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋልና ማድያት ለማጥፋት የተጀመረው ሌላ ጥቁረት ይጨምራል።

ብጉሩ ጠልቆ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ከሆነ ቅባት ብቻ አይበቃውም። ሐኪሙ የሚያዝዘው ይለያይ ይሆናል፤ አንቺ ግን ቴትራሳይክሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን ከቀድሞ የተረፈሽ ካለ አትዋጪ። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ የልጁን ጥርስ በማቅለም የሚታወቁ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚሠራው፦ የፀሐይ መከላከያ

የፀሐይ መከላከያ ከሌለ ከላይ ያልነው ለማድያት ብዙም አይፈይድም። ምርጫው በሁለት ወገን ነው፤ ብርሃንን ቆዳ ውስጥ ሰርጎ የሚይዘው ኬሚካላዊ ዓይነትና ቆዳ ላይ የሚቀመጠው ማዕድናዊ ዓይነት። ከመጀመሪያው ወገን ኦክሲቤንዞን በደም ውስጥ እንደሚገኝ በምርመራ ስለታየ ነፍሰ ጡሮች እንዲያልፉት ይመከራል። ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ከቆዳው የላይኛ ንብርብር አያልፉም ማለት ይቻላል። ዱቄት የሚረጭ ወይም በአየር የሚነፋ ዓይነት እንዳትገዢ ብቻ፤ ወደ ሳንባ መሳቡ አይፈለግም።

ለማድያት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም ይህ ነው። ማድያትን የሚያብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም፣ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ያብሰዋል። ነጩ መከላከያ ይህን አያቆምም። የሚያቆመው ቡናማ ቀለም የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ማዕድናዊ፣ ቀለም ያለው፣ በማሸጊያው ላይ SPF ተብሎ የሚጻፈው የመከላከል ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ምረጪ። ቀለሙ ከቆዳሽ ጋር ስለሚዋሐድ ዚንክ የሚተወውን ነጭ አመድ መልክም ያስቀራል።

መጠኑ ላይ አትሰስቺ። ከሌባ ጣትና ከመሐል ጣት ሥር እስከ ጫፍ ድረስ የተዘረጋ ሁለት መስመር ክሬም ለፊትና ለአንገት የሚሆነው ነው። ግማሹን ከቀባሽ በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አታገኚውም። ውጭ ከሆንሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ፤ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣም ጨምሪ። ሙቀትም ማድያትን ስለሚያባብስ ፊትሽን ከእሳትና ከእንፋሎት ራቅ አድርጊ።

ስም የሌለው ማንጫ

ግብዓቱ ያልተጻፈበት፣ ወይም በትንሽ ብልቃጥ ተቀንሶ የሚሸጥ የፊት ማንጫ ክሬም ከማናቸውም በላይ ያሳስበናል። ሁለት የተደበቁ ነገሮች በብዛት ይገኙበታል። አንዱ ሜርኩሪ ነው፤ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል፣ የእናቲቱን ኩላሊትም ይጎዳል። በማሸጊያው ላይ ካሎሜል ወይም «ሜርኩ» ብሎ የሚጀምር ስም፣ ወይም «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም አታነካኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካየሽ ምልክቱ ያ ነው። ሜርኩሪን በሚመለከተው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ያሉ አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጉባኤ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከምርት እንዲወጡ ተወስኗል።

ሌላው ክሎቤታሶል ነው፣ እጅግ ጠንካራ ስቴሮይድ። ፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ «ጠራ» ቢባል፣ ብጉሩም ማድያቱም አብረው ቢጠፉ፣ ክሬሙን ሲተዉት ደግሞ ፊቱ ቀልቶ ቢያቃጥልና ቢያሳክክ ስቴሮይድ መኖሩን ጠርጥሪ። ጠንካራ ስቴሮይድ በእርግዝና በብዛት፣ በድምሩ ከ300 ግራም በላይ ሲቀባ ከዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር እንደሚያያዝ ጥናት አሳይቷል። ለወራት ስትቀቢው ከቆየሽ በድንገት ከማቆምሽ በፊት ብልቃጡን ይዘሽ ሐኪም አማክሪ፤ ቀስ እያሉ ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል።

በአንድ መደርደሪያ ላይ ስንሞክረው

የ14 ሳምንት ነፍሰ ጡር እንውሰድ። ጉንጯ ላይ ማድያት እየወጣ ነው፣ አገጯ ላይ ብጉር አለ። መደርደሪያዋ ላይ የሬቲኖል የማታ ሴረም፣ 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን፣ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው የፊት መታጠቢያና ቁጥሩ 15 የሆነ ነጭ የቀን ክሬም አሉ።

ሬቲኖሉና ሃይድሮኪኖኑ ዛሬውኑ ይቀመጣሉ። መታጠቢያው ሊቆይ ይችላል፤ ቢሆንም አዜላይክ አሲድ ልትጀምር ስለሆነ ቆዳዋ እንዳይደርቅ ለመጀመሪያው ወር በለስላሳ መታጠቢያ ብትቀይረው ይሻላል። የቀን ክሬሟ ጎጂ አይደለም፣ ግን ለማድያት አይበቃም፤ ቁጥሩም ያንሳል፣ ቀለምም የለውም። በእሱ ቦታ 30 ቁጥር ያለውና አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ማዕድናዊ መከላከያ ይገባል። ስለዚህ ጠዋት ታጥባ ኒያሲናማይድ፣ ከዚያ መከላከያ በሁለት ጣት ልክ። ማታ ታጥባ፣ አድርቃ፣ አዜላይክ አሲድ፣ ከዚያ ማለስለሻ። ለስላሳ መታጠቢያና ማለስለሻ ካላት የምትገዛው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምርም፤ አንዱን ጀምራ አንድ ሳምንት ትቆያለች፣ ምክንያቱም ቆዳዋ ከተቆጣ የቱ እንዳስቆጣት የምታውቀው እንዲያ ብቻ ነው።

በ18ኛው ሳምንት ብጉሩ ገና ነው፤ ይህ አያስደንቅም። ከ22ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ብጉሩ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ያበጡት ላይ 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጠዋት ትጨምራለች። ማድያቱ ግን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። እዚህ ላይ ስኬት የሚባለው አለመስፋቱና አለመጥቆሩ ነው፤ ይህን ለማወቅ በየአራት ሳምንቱ በአንድ መስኮት ፊት፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ ማንሳት ከመስታወት ይልቅ ይታመናል።

በ30ኛው ሳምንት መዳፏና ውስጥ እግሯ ቢያሳክካት፣ ማታ ማታ ቢብስባትና ሽፍታ ባይኖር ግን ይህ የቅባት ጉዳይ አይደለም። የሐሞት ፍሰት መስተጓጎል ሊሆን ይችላልና የሐሞት አሲድና የጉበት የደም ምርመራ ያስፈልጋታል። ጽንሱን ሊጎዳ የሚችል ሕመም ስለሆነ ቀጠሮዋ እስኪደርስ አትጠብቅም፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ትሄዳለች።

ከወለደች በኋላ መከላከያውን ሳታቋርጥ ትቀጥላለች፤ ማድያቱ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ድረስ እየደበዘዘ ይሄዳል። እያጠባች አዜላይክ አሲዱን መቀጠል ትችላለች፤ የሕፃኑ ፊትና አፍ የሚነካው ቦታ ላይ ግን አትቀባም። ጡት አቁማ ማድያቱ ካልለቀቀ ያን ጊዜ ሃይድሮኪኖኑን አንስታ፣ የአገልግሎት ዘመኑን አይታ፣ ከቆዳ ሐኪም ጋር ለተወሰኑ ወራት ብቻ ትጀምረዋለች።